ከሐይቅ ደለል ውስጥ ያለው ነጭ ዱቄትና የራጅ ጨረር ምስክርነት



አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት የኖሩበትና ደቀ መዛሙርት ያፈሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ በውሃ የተከበበ ደሴት እንደ ነበረ፣ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር ተያይዞ በእግር የሚገባበት ልሳነ ምድር እንደ ሆነ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ሐይቃችን በዐይን የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ከአምባሰልና ከአካባቢው ተራሮች በዝናምና በጅረት የሚገባው ውሃ የሚወጣው ወይ ተንኖ ወይም ወደ ምድር ውስጥ ሰርጎ ስለ ሆነ፣ ውሃው በተነነ መጠን ከባዛልት ዐለት እየታጠበ የመጣው ካልሲየምና ማግኒዥየም በሐይቁ ውስጥ እየከበደ ይሄዳል። በመጨረሻም ካልሲየሙ በውሃው ውስጥ ካለው ካርቦኔት ጋር ተዋሕዶ ነጭ ደቃቅ ዱቄት ይሆንና ወደ ግርጌው ይወርዳል፤ በዓመታት ብዛትም ከጭቃው ጋር እየተደራረበ ይከማቻል። የኢትዮጵያና የውጭ አገር ተመራማሪዎች ይህን ደለል በረጅም ቱቦ እየቀዱ ያለፈውን ዘመን የአየር ጠባይ ሲያነቡበት ቆይተዋል። እኔ ዛሬ የምናገረው ግን ስለ አየር ጠባዩ ታሪክ አይደለም፤ ከዚያ በፊት መመለስ ስላለበት አንድ ጥያቄ፣ ይኸውም ያ ነጭ ዱቄት በእርግጥ ምን እንደ ሆነና ይህን የሚነግረን የራጅ ጨረር መቼ እንደሚታመን፣ መቼስ እንደማይታመን ነው።

ጥያቄው ቀላል የሚመስል ከባድ ጥያቄ ነው። ካልሲየም ካርቦኔት የሚባለው አንድ ውሁድ በተፈጥሮ ከአንድ በላይ በሆነ መልክ ይገኛልና፤ አተሞቹ በአንድ ዓይነት ሥርዓት ሲሰለፉ ካልሳይት፣ በሌላ ሥርዓት ሲሰለፉ ደግሞ አራጎናይት ይባላል። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ሁለቱም አሲድ ጠብ ሲልባቸው ይፍለቀለቃሉ፤ ኬሚስቱ ቢመዝናቸውና ቢመረምራቸው በውስጣቸው የሚያገኘው ካልሲየም፣ ካርቦንና ኦክስጅን መጠኑ እኩል ነው። ይሁን እንጂ በሐይቅ ውስጥ የትኛው እንደሚወለድ የሚወስነው በአብዛኛው በውሃው ውስጥ ማግኒዥየሙ ከካልሲየሙ ጋር ያለው ንጽጽር ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሐይቆች ደለል ላይ የተደረገ ምርመራ እንዳሳየው፣ ይህ ንጽጽር በግምት ከ2 በታች ሲሆን ማግኒዥየም የሌለበት ወይም ጥቂት ብቻ ያለበት ካልሳይት፣ ከ2 እስከ 12 ሲሆን ማግኒዥየም የተቀላቀለበት ካልሳይት፣ ከ12 ሲበልጥ ደግሞ አራጎናይት ይወርዳል። ውሃ ሲተንን ካልሲየሙ ቀድሞ እየወረደ ማግኒዥየሙ ስለሚቀር፣ የዱቄቱ ዓይነት ሐይቁ የጎደለበትንና የሞላበትን ዘመን የሚመሰክር ይሆናል። እንግዲህ ካልሳይቱን ከአራጎናይቱ መለየት ብቻ ሳይሆን፣ በካልሳይቱ ውስጥ የገባውን የማግኒዥየም መጠን ማወቅም ያስፈልጋል ማለት ነው።

ወደ ጨረሩ እንግባ። ሬንትገን በ1895 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያገኘውን፣ እኛም በየሐኪም ቤቱ ራጅ የምንለውን ጨረር፣ ጀርመናዊው ማክስ ፎን ላውዌ በ1912 በክሪስታል ውስጥ ቢያሳልፉት በተወሰኑ አቅጣጫዎች ብቻ ተበትኖ እንደሚወጣ አሳየ፤ በዚያው ዓመት መገባደጃ ወጣቱ እንግሊዛዊ ሎረንስ ብራግ ነገሩን በአጭር ቀመር ገለጠው፤ በ1915ም ከአባቱ ከዊልያም ብራግ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ቀመሩ ይህ ነው፦

λ = 2d sin θ

በክሪስታል ውስጥ አተሞች እኩል ርቀት ባላቸው ንጣፎች ላይ ተደርድረዋል፤ የዚያ ርቀት ምልክት d ነው። የጨረሩ የሞገድ ርዝመት λ ሲሆን፣ θ ጨረሩ በንጣፉ ላይ የሚያርፍበት ማዕዘን ነው። ከአንዱ ንጣፍ የተመለሰው ሞገድና ከቀጣዩ ንጣፍ የተመለሰው ሞገድ እግር ለእግር ገጥመው የሚደጋገፉት ቀመሩ በሚፈቅደው ማዕዘን ብቻ ነው፤ በሌላው ማዕዘን ሁሉ እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። በአብዛኛው የሚሠራበት የመዳብ ጨረር ርዝመቱ 1.5406 አንግስትሮም ነው፤ አንድ አንግስትሮም የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ክፍል መሆኑን ልብ ይሏል። እንግዲህ λ አስቀድሞ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ማዕዘኑን የለካ ሰው ርቀቱን አወቀ ማለት ነው፤ የአተሞችን ርቀት በማዕዘን መስፈሪያ መለካት የተቻለውም በዚህ ጥበብ ነው።

ለዚህ ልኬት ደለሉ አስቀድሞ በቀስታ ይደርቃል፤ የቀንድ አውጣ ዛጎል ካለበት በወንፊት ተለይቶ ይወጣል፤ ዛጎሉ ብዙ ጊዜ ከአራጎናይት የተሠራ በመሆኑ፣ ከውሃው በቀጥታ ከወረደው ጋር ተፈጭቶ ከገባ ንባቡን ሁሉ ያበላሻልና። ከዚያ ደለሉ በለዘብታ ይፈጫል። ለዘብታ ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኃይልና ለረጅም ሰዓት የተፈጨ አራጎናይት በወፍጮው ውስጥ ራሱ ወደ ካልሳይት ሊለወጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ መርማሪው የሚያነበው የሐይቁን ታሪክ ሳይሆን የወፍጮውን ታሪክ ነው። የላመው ዱቄት በማስቀመጫ ሳሕን ላይ ተሞልቶ ገጹ በመስታወት ይስተካከላል፤ መሣሪያውም ጨረሩንና ተቀባዩን እያሽከረከረ፣ ለምሳሌ ከ20 እስከ 60 ዲግሪ፣ በየ0.02 ዲግሪው ይመዘግባል። በወረቀቱ ላይ የሚወጣው ንድፍ፣ በሩቅ ሆኖ የአምባሰልን አምባዎች በሰማይ ጠርዝ ላይ እንደሚያይ ሰው፣ ከዝቅተኛው መስመር ላይ ድንገት ብቅ ብቅ የሚሉ ሾጣጣ ጫፎች ያሉበት ነው። በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ማዕዘን የθ እጥፍ፣ ሁለት ቴታ የሚባለው ስለ ሆነ፣ በቀመሩ ለመሥራት በ2 መካፈል እንዳለበት አይዘንጋ፤ ጀማሪዎች ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰናከሉት እዚህ ነው።

እያንዳንዱ ማዕድን የራሱ የጫፎች ሰልፍ አለው። ካልሳይት ከሁሉ የሚበረታውን ጫፍ በ29.40 ዲግሪ ያቆማል፤ ይህም የ3.035 አንግስትሮም ርቀት ነው። አራጎናይት ግን በ26.22፣ በ27.22 እና በ45.87 ዲግሪ አካባቢ ይታያል፤ ዶሎማይት የሚባለው፣ ማግኒዥየምና ካልሲየም በእኩል የተሰለፉበት ማዕድን፣ በ30.96 ዲግሪ ይገኛል። እንደዚህ ያለው የጫፎች ሰልፍ በዝርዝር ተሰብስቦ በካርድ የተመዘገበው በአሜሪካ ሃናዋልትና ባልደረቦቹ በ1938 ባወጡት ሥራ ተጀምሮ ነው፤ እነርሱም ሦስቱን ብርቱ ጫፎች አስቀድሞ መፈለግን ሥርዓት አደረጉ። ዛሬ ካርዱ በኮምፒውተር ውስጥ ቢገባም ሥርዓቱ አልተሻረም። አንድ ጫፍ ብቻ ይዞ «ይህ አራጎናይት ነው» የሚል ሰው ግን በፍርድ ሸንጎ አንድ ምስክር ብቻ አቅርቦ ይፈረድልኝ ከሚል ሰው አይሻልም፤ ምክንያቱም በአራጎናይቱ 26.22 አጠገብ፣ በ26.65 ዲግሪ ላይ፣ የኳርዝ ብርቱ ጫፍ ቆሟል። ልዩነታቸው ከግማሽ ዲግሪ ያነሰ ነው፤ ናሙናው ከቦታው ትንሽ ቢዛነፍ አንዱ የሌላውን ስም ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ አራጎናይት ነው የሚል ሰው 27.22ንና 45.87ን፣ ኳርዝ ነው የሚል ሰው ደግሞ 20.86ን ማሳየት ይገባዋል። ሁሉም ጫፎች በአንድነት ተገኝተው፣ ከተባለው ማዕድን ውጭ ያልተብራራ ብርቱ ጫፍ ሳይኖር ሲቀር ያን ጊዜ የማዕድኑ ስም ይጻፋል።

ማዕድኑ በስሙ ከታወቀ በኋላ የልኩ ነገር ይከተላል፤ ነገሩ የሚጣፍጠውም እዚህ ላይ ነው። በክሪስታል ውስጥ እየተደጋገመ ሁሉን የሚገነባው ትንሹ አሐድ ክፍል የጎኖቹ ርዝመት ላቲስ ፓራሜትር ይባላል። የካልሳይት አሐድ ክፍል መሠረቱ ስድስት ማዕዘን በሆነ ሥርዓት ሲገለጽ ሁለት ልኮች አሉት፤ የመሠረቱ ልክ a፣ የከፍታው ልክ c ይባላል፤ በንጹሕ ካልሳይት a 4.990፣ c ደግሞ 17.062 አንግስትሮም ናቸው። ተፈጥሮም ለሒሳብ አዋቂው አንድ ደግነት ሠርታለች፤ 006 ተብለው የሚጠሩት ንጣፎች ርቀት የc አንድ ስድስተኛ፣ 110 የሚባሉት ንጣፎች ርቀት ደግሞ የa ግማሽ ነው። እንግዲህ የእነዚህን የሁለቱን ጫፎች ማዕዘን ያነበበ ሰው አንዱን ርቀት በ6፣ ሌላውን በ2 በማባዛት ብቻ ሁለቱንም ልኮች በእጁ ያገባል። ማግኒዥየም ከካልሲየም ያነሰ በመሆኑ፣ በካልሳይቱ ውስጥ የካልሲየምን ቦታ በወሰደ መጠን አሐድ ክፍሉ ይጠባል፤ ንጣፎቹ ይቀራረባሉ፤ በቀመሩም መሠረት ርቀቱ ሲያንስ ማዕዘኑ ስለሚጨምር ጫፎቹ ወደ ከፍተኛው ማዕዘን ይሸሻሉ።

ነገሩን በቁጥር ለማሳየት፣ ከታወቁት የማዕድን ሠንጠረዦች በሒሳብ ያወጣሁትን የትምህርት ምሳሌ ላቅርብ፤ ከሐይቃችን የተቀዳ ደለል ውጤት ነው ብላችሁ እንዳትወስዱብኝ። ብርቱው ጫፍ በ29.40 ሳይሆን በ29.55 ዲግሪ ታየ እንበል። ግማሹ 14.775 ነው፤ የእርሱ ሳይን 0.2550 ነው፤ 1.5406ን ለሁለት እጥፉ፣ ለ0.5100 ስናካፍል ርቀቱ 3.02 አንግስትሮም ያህል ይሆናል። ከንጹሑ ካልሳይት በ0.015 ያህል አንሷል። ንጹሕ ማግኒዥየም ካርቦኔት በዚሁ ንጣፍ 2.742 አንግስትሮም ስለ ሆነ፣ ለእያንዳንዱ ከመቶ አንድ እጅ ማግኒዥየም ርቀቱ በ0.003 ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ 0.015 ከመቶ 5 እጅ ማግኒዥየም ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ውጤት አግኝቶ በደስታ የሚነሣ መርማሪ ብዙ ነው። እኔ ግን እዚህ ላይ ቁጭ በሉ እላለሁ።

ምክንያቱም ይህ 0.15 ዲግሪ በሙሉ ከማግኒዥየም ሳይሆን ከሳሕኑ ሊመጣ ይችላል። የዱቄቱ ገጽ በመሣሪያው ማእከል ካለው ትክክለኛ ከፍታ በሩብ ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ቢል፣ ከማእከሉ እስከ ተቀባዩ 200 ሚሊ ሜትር ባለው መሣሪያ ጫፉ ወደ 0.14 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ይሄዳል። ዱቄቱ በሳሕኑ ላይ በመስታወት ሲስተካከል ሩብ ሚሊ ሜትር ከልብ ያልሠራ እጅ ሳያውቅ የሚፈጥረው ልዩነት ነው። ያ ሰው እንግዲህ በእጁ ስሕተት ከመቶ 5 እጅ ማግኒዥየም ፈጠረ፤ ከዚያም ሐይቁ በእገሌ ዘመን ጎድሎ ነበር ብሎ ታሪክ ጻፈ። እንዲህ ያለው ስሕተት ከሌላው የሚከፋው፣ ጫፉ አምሮና ሾጥሎ ስለሚታይ አንባቢውን ምንም የማያጠራጥር በመሆኑ ነው።

እውነቱን ከሐሰቱ የሚለዩ ሁለት መንገዶች አሉ፤ አንደኛው ካልሳይቱን ራሱን መጠየቅ ነው። ማግኒዥየም የካልሳይቱን አሐድ ክፍል በሁሉም ወገን እኩል አያጠብበውም፤ ከመሠረቱ ይልቅ ከፍታውን አብዝቶ ይጫናል። በምሳሌአችን ከመቶ 5 እጅ ማግኒዥየም በእውነት ከገባ፣ a ከ4.990 ወደ 4.972፣ c ደግሞ ከ17.062 ወደ 16.960 ይወርዳሉ፤ በንድፉም ላይ የ110 ጫፍ ከ35.97 ወደ 36.10፣ የ006 ጫፍ ከ31.43 ወደ 31.63 ይሄዳሉ። እንግዲህ አንዱ የሸሸው በ0.13፣ ብርቱው በ0.15፣ ሌላው በ0.20 ዲግሪ ነው። ስሕተቱ የሳሕን ከፍታ ቢሆን ግን በእነዚህ ተቀራራቢ ማዕዘኖች ሦስቱም ጫፎች በእኩል፣ በ0.15 ዲግሪ ገደማ፣ አብረው በተዛነፉ ነበር። ልዩ ልዩ ርቀት የተጓዙ ጫፎች የማዕድኑን ምስክርነት ይሰጣሉ፤ እኩል የተጓዙ ጫፎች ደግሞ የእጃችንን። የዚህ መንገድ ድካም የ006 ጫፍ እጅግ ደካማ መሆኑ ነው፤ ካልሳይቱ በጭቃው ውስጥ ጥቂት ሲሆን ከመስመሩ በላይ ብቅ ሳይል ይቀራል።

ሁለተኛው መንገድ ልኩ አስቀድሞ የታወቀ ሌላ ማዕድን በዚያው ዱቄት ውስጥ ምስክር አድርጎ ማቆም ነው። በሌላ አገር ደለል ብዙ ጊዜ ይህን የሚያደርገው ኳርዝ ነው፤ ኳርዙ በ26.65 ካለ ሳሕኑ ደኅና ነው፤ ኳርዙም ከተዛነፈ ሁሉም በዚያው ልክ ይታረማል። የእኛ ተራሮች ግን ባዛልት ናቸው፤ ባዛልት ደግሞ በኳርዝ ድኻ ነው፤ በሐይቃችን ደለል ውስጥ ይህ የተፈጥሮ ምስክር ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ምስክሩ ከውጭ መምጣት አለበት፤ ለዚህ የተመረጠው ንጹሕ የሲሊከን ዱቄት ነው። ሲሊከን ኩብ በሆነ ሥርዓት የተሰለፈ በመሆኑ ልኩ አንድ ብቻ፣ 5.431 አንግስትሮም ነው፤ ይህን በ3 ስኩዌር ሩት ብናካፍለው የመጀመሪያው ንጣፍ ርቀት 3.136 ይሆናል፤ ጫፉም በ28.44 ዲግሪ፣ ከካልሳይቱ ጫፍ አንድ ዲግሪ ያህል ርቆ ይቆማል። ከደለሉ ጋር አንድ አሥረኛ ያህል ሲሊከን በደንብ ተቀላቅሎ ሲለካ፣ ሲሊከኑ በ28.44 ፋንታ በ28.59 ከታየ፣ ያ 0.15 ዲግሪ የሳሕኑ ነው፤ ከካልሳይቱም ላይ ተቀንሶ ካልሳይቱ ወደ 29.40 ይመለሳል፤ ማግኒዥየሙም አብሮ ይጠፋል። ሲሊከኑ በቦታው በ28.44 ጸንቶ ካልሳይቱ ብቻ በ29.55 ከታየ ግን ማግኒዥየሙ እውነት ነው።

ይህ ሁሉ ቢሟላም ወሰን አለው። ጫፉን በ0.02 ዲግሪ ያህል ተሳስቶ ያነበበ ሰው፣ በ29 ዲግሪ አካባቢ በርቀቱ 0.002 አንግስትሮም ይሳሳታል፤ ይህም ከመቶ አንድ እጅ ለማይሞላ ማግኒዥየም የሚበቃ ስሕተት ነው። በከፍተኛው ማዕዘን የሚገኙ ጫፎች ያንኑ የማዕዘን ስሕተት ወደ ትንሽ የርቀት ስሕተት ስለሚለውጡ ለላቲስ ልክ እነርሱ ይመረጣሉ፤ ነገር ግን እነርሱ ደካሞች ናቸው፤ በዚያ ላይ የመዳቡ ጨረር በውስጡ ሁለት ተቀራራቢ ርዝመቶች፣ 1.5406ና 1.5444፣ ስላሉት በከፍተኛው ማዕዘን አንዱ ጫፍ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ይህን ያላወቀ ሰው ሁለት ካልሳይት አገኘሁ ሊል ይችላል። ደግሞም ጨረሩ የሚናገረው ሥርዓት ስላለው ነገር ብቻ ነው። በሐይቁ ውስጥ የሚኖሩ ዳያቶም የሚባሉ ደቂቃን የሚሠሩት የሲሊካ ቅርፊት ሥርዓተ ሰልፍ የለውም፤ በንድፉ ላይ የሚታየው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ አካባቢ ሰፊና ዝቅ ያለ ጉብታ ሆኖ ብቻ ነው። ከዚያ ጉብታ ላይ ላቲስ ፓራሜትር አስልቼ አመጣሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በጨዋነት አሰናብቱት።

ከአምባሰል በስተ ምዕራብ ባለው በደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ፣ ከ2008 ወዲህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዓለም ገበያ የታወቀው ኦፓልም በዚሁ ጉዳይ መካከለኛ ቦታ አለው። ከአውስትራሊያ የሚመጣው ደለላማ ኦፓል አብዛኛው ጉብታ ብቻ ሲሆን፣ የእኛ ኦፓል ግን በ4.1 አንግስትሮም ገደማ፣ በ22 ዲግሪ አቅራቢያ፣ ሰፊ ቢሆንም እውነተኛ ጫፍ ያለው ኦፓል ሲቲ የሚባለው ዓይነት ነው። ዓይነቱን ለመለየት ይህ ጫፍ ይበቃል፤ ልኩን በሦስተኛው የነጥብ ቤት ለመናገር ግን አይበቃም፤ ሰፊ ጫፍ መካከሉ የት እንደ ሆነ እርግጡን አይናገርምና።

በመጨረሻ፣ ከእናንተ መካከል ደለል ወደ ቤተ ሙከራ የምትልኩ ወይም ውጤት የምትቀበሉ መምህራንና ተማሪዎች አላችሁና፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የማዕድን ስም ዝርዝር ብቻ ተቀብላችሁ አትመለሱ፤ የንድፉን ሙሉ መዝገብ ከነማዕዘኑ ጠይቁ፤ ሲሊከን ተጨምሮ እንደ ሆነና በስንት ዲግሪ እንደ ታየ ይጻፍላችሁ። ይህ ያልተጻፈበት የማግኒዥየም ቁጥር ሲመጣላችሁ ለሐይቃችን ታሪክ ማስረጃ አድርጋችሁ አትቀበሉት፤ ናሙናው ሲሊከን ተጨምሮበት እንደገና ይለካ።